ልጃችሁ ዝም ስትል፦ የጭንቀትና የድባቴን ምልክት እንዴት ማወቅ፣ ወሬውን እንዴት መጀመር ይቻላል?

እናት «ምን ሆነሻል?» ትላለች። ልጅ «ምንም» ትላለች። ወሬው እዚያው ያልቃል። ብዙ ጊዜ ልጅቷ ራሷ ምን እንደሆነች አታውቀውም። ስለዚህ ከመጠየቅ በፊት ማየት ይቀድማል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አዲስ አበባ የምትኖር የ16 ዓመት ልጅ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንበል። ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማታል። የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቷት ነበር፤ ለውጥ የለም።

1. ሕመሙ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚሄድ ልብ በሉ

እሁድ ማታ የሚጀምር፣ ሰኞ ጠዋት የሚብስ፣ ዓርብ ከሰዓት ግን የሚለቅ የሆድ ቁርጠት ወይም ራስ ምታት ብዙ ጊዜ ጭንቀትን ይጠቁማል። እያስመሰለች አይደለም። ጭንቀት ሆድን የምር ያማል። ፈተናው ወይም የሚያስቸግሯት ልጆች ሲርቁ ግን ይቀላታል።

ድባቴ ግን ቅዳሜም አይለቅም። ትወደው የነበረው ነገር ሳይቀር ያስጠላታል።

2. ከራሷ ጋር አወዳድሯት

ከጎረቤት ልጅ ጋር አይደለም፤ ከሦስት ወር በፊት ከነበረችው ከራሷ ጋር። በሯን ዘግታ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ የምትስቅ ልጅ ጎረመሰች እንጂ አልታመመችም። ጓደኛዋንም ስትተው ነው ነገሩ የሚለወጠው። የእኛዋ ልጅ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አቁማለች። ከትምህርት ቤት መጥታ እስከ ማታ ትተኛለች፤ ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የላትም።

ወላጅን የሚያሳስተው ቁጣው ነው። ድባቴ የያዘው ታዳጊ ሁልጊዜ አያለቅስም። ይነጫነጫል፣ በትንሹ ቱግ ይላል። እኛ ደግሞ «ጠገበች» እንላለን። ጾምም ነገሩን ሊሸፍን ይችላል፤ የምግብ ፍላጎቷ የጠፋ ልጅ ስትጾም ማንም አይጠይቃትም። ከፋሲካ በኋላም ሳህኑ ሳይነካ ከተመለሰ ያስተውሉት።

እንዲህ ያለው ለውጥ አብዛኛውን ቀን እየታየ ሁለት ሳምንት ከሞላው፣ «ያልፍላታል» ብሎ መጠበቁ ይብቃ።

3. ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ሆናችሁ ጀምሩ

ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት አይሆንም። ታናናሾቿ ፊትም አይሆንም። ሽንኩርት እየላጣችሁ፣ ልብስ እያጠፋችሁ ወይም ወደ ታክሲ እየሄዳችሁ ይሻላል። ዓይን ለዓይን አለመተያየቱ ያግዛል።

ከዚያ የምታስቡትን ሳይሆን ያያችሁትን ብቻ ንገሯት።

«ሰሞኑን ምሳ ዕቃሽ እንዳለ ይመለሳል። መዝሙርም ትተሻል። ከብዶሽ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ማውራት ግድ የለም፤ ስትፈልጊ ግን አለሁ።»

ከዚያ ዝም በሉ። እውነት ዝም። «ምንም የለም እማ» ካለች «እሺ የኔ ልጅ» ብላችሁ ሽንኩርታችሁን ቀጥሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ መልሳችሁ ሞክሩ። ስልኳን ተደብቆ ማየት ግን ይቅር። ካወቀችባችሁ የተከፈተችው ትንሽ በር ትዘጋለች።

ከተናገረች ምክር አታዝንቡ። «እኛ በእናንተ ዕድሜ...» የሚለውም ለሌላ ቀን ይቆይ። «ከመቼ ጀምሮ ነው? በጣም የሚከብድሽ መቼ ነው?» በሏት። «ለማንም እንዳትነግሪ» ካለችሽ በጭፍን አትማዪ። «ለዘመድ አላወራውም። ሕይወትሽን የሚያሰጋ ነገር ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም» ማለት ይሻላል።

4. ስለ ሞት በግልጽ ጠይቁ

«ብሞት ይሻለኝ ነበር»፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» ካለች፣ የምትወደውን ዕቃ ማደል ከጀመረች ወይም ሰውነቷ ላይ የመቆረጥ ምልክት ካያችሁ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ። «ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» በሏት። መጠየቁ ሐሳቡን አይዘራባትም። ብዙ ልጆች በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ።

«አዎ» ካለች ብቻዋን አትተዋት። የአይጥ መርዝ፣ የተባይ ማጥፊያ፣ በረኪናና መድኃኒት ከቤት ይውጣ ወይም ይቆለፍበት። ዕቅድ ካላት በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

5. ሕክምናውን በቀላሉ ጀምሩት

አደጋ ከሌለ መነሻው በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ይሁን። «አማኑኤል እንሂድ» ሲባል የሚደነግጥ ልጅ ብዙ ነው። «ድካምሽንና እንቅልፍሽን እናስመርምር» ማለት ውሸት አይደለም። የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ድባቴን ሊመስሉ ስለሚችሉ ምርመራው የግድ ነው። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ያያችሁትን ከነቀኑ ተናገሩ። ከዚያ እናንተ ውጡና እሷ ብቻዋን ታውራ። ጸበል የምትሄዱም ከሆነ ሐኪሙ የጀመረላትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ።