አንዱን ምንባብ በሦስት ደረጃ ስናዘጋጅ የምንሠራቸው ስህተቶች

በአንድ ክፍል ውስጥ ምንባቡን በሁለት ደቂቃ ጨርሶ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ተማሪ አለ። አጠገቡ ደግሞ ሁለተኛው መስመር ላይ ተይዞ የቀረ አለ። ለዚህ ነው ያንኑ ምንባብ ቀለል ያለ፣ መካከለኛ እና ዋናው እንዳለ አድርገን በሦስት ቅጂ የምናዘጋጀው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። የሚበላሸው አጻጻፉ ላይ ነው። እኔ ራሴ ደጋግሜ የተሳሳትኩበትን በአንድ አጭር ምንባብ ላሳያችሁ።

ዋናው ምንባብ ይሄ ነው፦

«ሰውነታችን ሲሞቅ ቆዳችን ላይ ላብ ይወጣል። ላቡ ከቆዳችን ሙቀት እየወሰደ ስለሚተን ሰውነታችን ይቀዘቅዛል። አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ቀን ግን ትነቱ ስለሚዘገይ ብዙ ቢያልበንም እንኳ ሙቀቱ አይለቀንም።»

ጥያቄውን ሳይወስኑ መጻፍ መጀመር

ብዙዎቻችን መጀመሪያ ሦስቱን ቅጂዎች እንጽፋለን፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ እናወጣለን። በዚህ መንገድ ቀላሉ ቅጂ የደረሰው ልጅ «ላብ የሚወጣው ከየት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ዋናውን ያነበበው ደግሞ «ለምን?» ይባላል። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የተለያየ ትምህርት ተማሩ ማለት ነው። በኋላ በጋራ እንወያይ ስትሉም አንደኛው የሚናገረው ነገር የለውም።

ጥያቄው ቀድሞ ይጻፍ፤ ለሦስቱም አንድ ይሁን። ለዚህ ምንባብ እኔ የያዝኩት «ብዙ እያላበን አንዳንድ ቀን የማይቀዘቅዘን ለምንድን ነው?» የሚለውን ነው። ሦስቱን ቅጂ ጽፋችሁ ስትጨርሱ መልሱ ያለበትን ቦታ በየቅጂው በእርሳስ አስምሩ። ከአንዱ ላይ የሚሰመርበት ካጣችሁ፣ ስታቀሉ መልሱን አብራችሁ ጥላችሁታል።

ቀላል ማለት አጭር ይመስለናል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ረጅሙን ዓረፍተ ነገር እንቆራርጠዋለን። «ስለ»፣ «ስለዚህ»፣ «ግን» እና ሌሎቹን አያያዥ ቃላት ደግሞ እንደ ጭነት አውርደን እንጥላለን። የመጀመሪያው ቀላል ቅጂዬ እንዲህ ነበር፦

«ሰውነት ይሞቃል። ላብ ይወጣል። ላቡ ይተናል። ሰውነት ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ቀን አየሩ እርጥብ ነው። ሙቀቱ አይለቅም።»

ለማንበብ ቀላል ነው። ለመረዳት ግን ከዋናው ይከብዳል። ምክንያቱ ጠፍቷል፤ ተማሪው ራሱ ይሙላው ተብሏል። ያንን ለመሙላት ደግሞ ስለ ትነት ቀድሞ ማወቅ አለበት። የሚያውቅ ልጅ ይህን ቅጂ ባልፈለገው ነበር። ይህን አንብባ የጨረሰች ተማሪዬ «ላቡ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው የሚያቀዘቅዘን» አለችኝ። ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ባዶውን ቦታ ባላት ነገር ሞላችው።

እንደገና የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ሰውነታችን ሲሞቅ ቆዳችን ላይ ላብ ይወጣል። ከዚያ ላቡ ይተናል። ትነት ማለት ፈሳሽ ወደማይታይ ጋዝ ተለውጦ አየር ውስጥ ሲገባ ነው። ላቡ ለመትነን ሙቀት ያስፈልገዋል። ሙቀቱን የሚወስደው ከቆዳችን ነው። ስለዚህ ላቡ ሲተን ሰውነታችን ይቀዘቅዛል። አየሩ በጣም እርጥብ ከሆነ ግን ላቡ ቶሎ አይተንም። ስለዚህ ሙቀቱ እኛው ጋ ይቀራል።»

ከዋናው ይረዝማል። ይርዘም። በአንድ ዓረፍተ ነገር የታጨቁት ሦስት ሐሳቦች አንድ በአንድ ተዘርግተዋል፤ የሚያያይዛቸው ቃልም ከቦታው አልጠፋም። «ትነት» የሚለውን ቃልም እንዳልጣልኩት ልብ በሉ። ቃሉ የትምህርቱ ቁልፍ ነው። እዚያው ይፈታል እንጂ «ይጠፋል» ወይም «ይደርቃል» በሚል አይተካም። የቀረው የክፍሉ ተማሪ ስለ ትነት ሲያወራ ያ ልጅ ቃሉን ሳያውቅ መቅረት የለበትም።

መካከለኛው ቅጂ ብዙ ሥራ የለውም። ዋናውን ወስዳችሁ የመጨረሻውን ረጅም ዓረፍተ ነገር ብቻ ለሁለት ክፈሉት። «ሙቀት እየወሰደ» ከሚለው አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ «ከየት?» ብላችሁ ጻፉ። በቃ።

ድጋፉ ራሱ መልሱን ሲሰጥ

ከቀላሉ ቅጂ ሥር ብዙ ጊዜ የምናስቀምጠው ባዶ ቦታ ሙላ ነው፦ «ላቡ ሲተን ሰውነታችን ______።» ልጁ በትክክል ይሞላል፤ እኛም ገባው ብለን እናልፋለን። አሁን ይህን አንብቡ፦ «ግንዙፉ ሲከጥም ዝሉቡ ይረምዛል።» ግንዙፉ ሲከጥም ዝሉቡ ምን ይሆናል? መለሳችሁ አይደል? ምንም ትርጉም በሌላቸው ቃላት መመለስ ከተቻለ ድጋፉ የሚያስተምረው መገልበጥን ነው።

እኔ አሁን የማደርገው የክንድ ቆዳና አንድ ጠብታ ላብ መሣል ነው። ሙቀቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያሳየውን ቀስት የሚሥለው ተማሪው ነው። ላቡ ቀዝቃዛ ነው ብሎ የሚያስብ ልጅ ቀስቱን ወይ ይገለብጠዋል፣ ወይ ከላቡ ወደ ቆዳው «ቅዝቃዜ» ብሎ ይጽፋል። የተሳሳተበትን ቦታ ወዲያው ታያላችሁ። ከሥዕሉ ሥር አንድ መነሻ ብቻ አስቀምጣለሁ፦ «እርጥብ በሆነ ቀን ላቡ… ስለዚህ ሙቀቱ…»። መነሻው የዓረፍተ ነገሩን መልክ ይሰጣል፤ ማሰቡን ለልጁ ይተውለታል።

ዋናውን የሚያነቡትም ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። ለነሱ አምስት ተጨማሪ ጥያቄ መደርደር ቅጣት ነው። አንድ ከበድ ያለ ይበቃል፦ «ማራገቢያ የክፍሉን አየር ሳያቀዘቅዘው እኛን እንዴት ያቀዘቅዘናል?» ሐሳብ ከጠፋባቸው ፍንጩ «ከቆዳችን አጠገብ ያለው እርጥብ አየር የት ሄደ?» ነው።

ወረቀቱ ልጁን ሲያጋልጠው

«ሀ፣ ለ፣ ሐ» ብላችሁ ብትጽፉበትም በቀለም ብትለዩትም ልጆቹ በአንድ ቀን ያውቁታል። ርዕሱ፣ ሥዕሉና የፊደሉ መጠን በሦስቱም ላይ አንድ ይሁን። አንቀጾቹንም በተመሳሳይ ቁጥር ቁጠሯቸው፤ «ሁለተኛውን አንቀጽ እዩ» ስትሉ ሁሉም አንድ ሐሳብ ላይ እንዲያርፍ።

ቅጂውም በልጁ ስም ተመዝግቦ አይቅር። ማንበብ የሚከብደው ልጅ ስለ እንስሳት ከሁሉም በላይ ሊያውቅ ይችላል። ስለዚህ እደላው በየምንባቡ እንደገና ይታሰብበት።

ድጋፉን ማንሳት መርሳት

ለትምህርት እርዳታ «ስካፎልድ» የሚለውን፣ ግንበኞች ቆመው የሚሠሩበትን ጊዜያዊ መወጣጫ ስም፣ ያስለመዱት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዉድ፣ ብሩነር እና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ነው። ያጠኑት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት የእንጨት ቁርጥራጮችን ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ እንዴት እንደሚረዱ ነበር። ስካፎልድ ሕንፃው ሲቆም ይፈርሳል። የእኛ ቀላል ቅጂ ግን ዓመቱን ሙሉ ቆሞ ይከርማል።

እኔ የማፈርሰው እዚያው ክፍለ ጊዜ ውስጥ ነው። ውይይቱ ካለቀ በኋላ፣ ሊደወል 10 ደቂቃ ሲቀረው፣ ዋናውን ምንባብ ለሁሉም አድላለሁ። «አየሩ በእርጥበት በተሞላበት ቀን…» የሚለውን ረጅም ዓረፍተ ነገር ቀላሉን ቅጂ ካነበቡት ጋር አብረን ጮክ ብለን እናነባለን። ከዚያ «ትነቱ ስለሚዘገይ» የሚለው በናንተ ወረቀት ላይ የቱ ጋ ነው ያለው እላቸዋለሁ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው በጣታቸው ይፈልጉታል።