የአፈር ግፊት ስሌት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች፦ ግንቡ ሳይንቀሳቀስ አክቲቭ መውሰድ፣ ፓሲቩን ሙሉ መቁጠር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ቤዝመንት ያላቸው ፎቆች ይሠራሉ። ታዲያ በየፕላኑ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይታያል፤ የቤዝመንቱ ግድግዳ በአክቲቭ ግፊት ይሰላል። ይህ መቅረት አለበት።

አክቲቭ ግፊት እንዲሁ የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ግድግዳው ከአፈሩ ሲሸሽ የሚገኝ ቅናሽ ነው። ግድግዳው ትንሽ ሲለቅ አፈሩ በውስጡ ባለው ሰበቃ ራሱን ይሸከማል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ለዚህም መጠን አለው፤ በደንብ የተጠቀጠቀ አሸዋማ ሙሌት ከሆነ የግድግዳው አናት የከፍታውን 0.001 ያህል፣ ልል ከሆነ ደግሞ 0.004 ያህል መሸሽ አለበት። 5 ሜትር ግድግዳ ላይ ይህ ከ5 እስከ 20 ሚሊሜትር ማለት ነው። አናቱን የመሬት ወለሉ ሶሌታ፣ እግሩን ፉቲንጉ የያዘው ግድግዳ ግን የት ይሸሻል? አይሸሽም። ስለዚህ የሚያርፍበት አፈሩ ሳይንቀሳቀስ የሚያሳድረው አት ሬስት ግፊት ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የሰበቃ አንግሉ φ 30 ዲግሪ፣ ክብደቱ በሜትር ኪዩብ 18 ኪሎ ኒውተን የሆነ ደረቅ ሙሌት እንውሰድ፤ የአክቲቭ፣ የአት ሬስትና የፓሲቭ ማባዣዎቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው።

```
Ka = tan²(45 − φ/2) = 0.33
K0 = 1 − sin φ      = 0.50
Kp = tan²(45 + φ/2) = 3.0
```

በ5 ሜትር ከፍታ አክቲቩ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 75 ኪሎ ኒውተን፣ አት ሬስቱ 112.5 ይሆናል፤ አንድ ተኩል እጥፍ። ላይና ታች ተደግፎ ሲሰላ ትልቁ ሞመንት ከ48 ወደ 72 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያድጋል፤ የሚያርፈውም ከመሃል ዝቅ ብሎ፣ የሚወጠረውም በክፍሉ በኩል ያለው ፊት ነው። ብዙ ፕላን ግን ግድግዳውን ከላይ ነፃ አድርጎ ስለሚያስብ ወፍራሙን ፌሮ በአፈሩ በኩል ከእግሩ አካባቢ ይደረድርና የውስጡን ፊት በቀጭን ፌሮ ያልፈዋል። ቤዝመንት ውስጥ ገብታችሁ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ አግድም የሄደ ስንጥቅ ካያችሁ በመጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የተገላቢጦሹም አለ። ፕላኑ ላይ ሶሌታው ግድግዳውን ይይዛል ተብሎ ተሰልቶ ሳለ፣ ሳይቱ ላይ ቦታ ስለጠበበ ሶሌታው ሳይሞላ አፈሩ ይመለሳል። ያኔ ግድግዳው ከላይ ነፃ ነው፤ በአክቲቭ እንኳ ቢቆጠር እግሩ ላይ 125 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይመጣል። ሶሌታው ጠንክሮ ሳይይዝ ሙሌት አይጀመርም፤ የግድ ከሆነ ግድግዳው በዚያ ሁኔታ ለብቻው ይሰላ።

ከባድ ሮለር ግድግዳው ሥር አታስገቡ። የሚጨምረው ግፊት ሮለሩ ከሄደ በኋላም ተቆልፎ ይቀራል፤ እዚያ ቀጭን ንጣፍ እየደለደሉ በትንሽ መጠቅጠቂያ ነው።

ወደ መንገድ ዳር የድንጋይ ግንብ እንምጣ። እዚህ ግንቡ መሸሽ ስለሚችል አክቲቭ መውሰድ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ከፊት ለፊት ነው። 4 ሜትር ግንብ በዚያው ሙሌት 48 ኪሎ ኒውተን ይገፋዋል። ክብደቱ 120 ቢሆን፣ ከሥሩ ያለው ሰበቃ በ0.5 ተባዝቶ 60 ይይዛል፤ ለግፊቱ ሲካፈል 1.25 ነው፣ ለመንሸራተት ከሚጠየቀው 1.5 በታች። ስሌቱ ከፊት የተቀበረው 1 ሜትር አፈር በግንቡ ሲገፋ መልሶ የሚቋቋምበትን ግፊት፣ ማለትም ሙሉ ፓሲቩን 27 ኪሎ ኒውተን ይጨምርና 1.8 አግኝቶ ያልፋል።

ያ 27 ግን የሚገኘው መቼ ነው? ፓሲቭ ሙሉ እንዲነሳ አፈሩ በብዙ መገፋት አለበት፤ ጠጣር አሸዋማ ከሆነ የጥልቀቱን 0.02 ያህል፣ ልል ከሆነ 0.06 ያህል። በ1 ሜትር ጥልቀት ከ20 እስከ 60 ሚሊሜትር ነው፤ ለአክቲቩ ግን ይህ ግንብ በደህና ሙሌት 4 ሚሊሜትር ይበቃዋል። ሁለቱ እኩል ጊዜ አይደርሱም። ፓሲቩ እስኪነሳ የተንሸራተተ የድንጋይ ግንብ ተሰነጣጥቋል።

የጎጃም መረሬ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። በጋ ላይ ከግንቡ እግር ይላቀቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ግንቡ መጀመሪያ ያን ክፍተት ካልዘጋ አፈሩን አይነካውም። ክረምት ሲመጣ ያው አፈር ይላላል። በዚያ ላይ ቦይ ቆፋሪው መጥቶ ከፊት ያለውን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከፊት ያለውን አፈር በዜሮ ያዙት፤ ማንም የማይነካው ጠጣር መሬት ከሆነም ከግማሽ በላይ አትቁጠሩ። 1.5 ካልሞላ ግንቡን አስፉት፤ ለዚህኛው ክብደቱ 144 ቢደርስ ይበቃል።

መረሬውን ከግንቡ ጀርባ መልሶ መሙላት ጭራሽ አይታሰብ። ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ የሚያመጣው ግፊት በ`Ka`ም በ`K0`ም አይገኝም። ከግንቡ ጀርባ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠራማ ሙሌት ይግባ፤ የውሃ መውጫ ቱቦዎቹም አይዘጉ፣ ከላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ለደረቅ ሙሌት ናቸውና።