አንድ ጠርሙስ ፋውንዴሽን ለሁለት እህትማማቾች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአክስቴ ልጆች ባለፈው ጥር ሚዜ ነበሩ። ሜካፑን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ ከአንድ ጠርሙስ ያንኑ ማት ፋውንዴሽን ቀባኋቸው። የቆዳቸው ቀለም ስለሚቀራረብ ለሁለቱም ልክ ነበር። ከቤት ሲወጡ አምረው ነበር።

ምሳ ላይ ሳያቸው ደነገጥኩ። የታላቅየዋ ጉንጭ ክረምቱ ሲያልፍ እንደሚደርቅ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በአፍንጫዋ ዙሪያም ቅርፊት የመሰለ ነገር ተነስቷል። የታናሽየዋ ግንባር ደግሞ ያበራል፤ ከአፍንጫዋ ጫፍ ላይ ፋውንዴሽኑ ተንሸራቶ ጎንና ጎኑ ላይ ተጠራቅሟል። ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር ፌክ ነው እንዴ?»

ፌክ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ቀን የሠራኋቸውን ስህተቶች፣ ሌሎች ሲሠሯቸው የማያቸውንም ጨምሬ፣ አንድ በአንድ ላውራችሁ።

ቆዳን ሳይለዩ ቀለም መምረጥ

ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ቀለም ነው። ከዚያ ዋጋ። ቆዳችን ደረቅ ይሁን ወዛም ትዝ የሚለን ቤት ገብተን ከተቀባን በኋላ ነው።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ማታ ፊትን ለስለስ ባለ ሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ ምንም ሳይቀቡ አንድ ሰዓት ያህል መቆየት። ሰዓቱ ሲሞላ አንድ ሶፍት ግንባር ላይ፣ ሌላውን አፍንጫ ላይ፣ ሌላውን ጉንጭ ላይ ጫን አድርጎ ማንሳት። ሦስቱም ሶፍቶች ላይ የዘይት ነጠብጣብ ከታየ ቆዳው ወዛም ነው። ሁሉም ንጹሕ ሆነው ፊቱ ወጠር፣ ቆንጠጥ ካደረገ ደረቅ ነው። ግንባርና አፍንጫው ዘይት ሰጥቶ ጉንጩ ካልሰጠ ድብልቅ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል።

ፀጉሯን ቅቤ የተቀባች ሴት ያን ቀን አትሞክረው። ቅቤው ወደ ግንባር ይወርድና ደረቅ ቆዳን ወዛም ያስመስላል። (አንድ ጊዜ ተሸውጄ አውቃለሁ።)

ደግሞ ቆዳ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ደረቅ ነው፤ ክረምት ላይ ወዛም የነበረች ልጅ ኅዳር ላይ ፊቷ ሊወጥርባት ይችላል። ዱባይና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቱንም ያዩታል፤ ውጭ ሙቀቱ ያልባቸዋል፣ ውስጥ ኤሲው ያደርቃቸዋል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የተስማማሽ ፋውንዴሽን ጥር ላይ ቢከዳሽ አይግረምሽ።

ሦስቱን ዓይነቶች የዕቃ ልዩነት ብቻ አድርጎ ማየት

ፓውደር፣ ፈሳሽና ክሬም ፋውንዴሽን ቀለም የሚያገኙት በአብዛኛው ከአንድ ቦታ ነው። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የብረት ኦክሳይድ አለ፣ ነጩ ደግሞ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው። ልዩነቱ ያለው ቀለሙን የተሸከመው ነገር ላይ ነው። ደረቁን ወይም ወዛሙን ቆዳ የሚጎዳውም የሚጠቅመውም እሱ ነው።

ፓውደሩን የሚሸከሙት እንደ ታልክ፣ ማይካና ሲሊካ ያሉ የደቀቁ ማዕድናት ናቸው። እነዚህ ዘይት ይመጥጣሉ። ወዛም ፊት ላይ የሚፈለገውም ይሄው ነው። ደረቅ ፊት ላይ ግን ያለችውን ትንሽ ዘይት ወስደው፣ የተነሳ ቅርፊት ካገኙ እሱ ላይ ይለጠፋሉ። ጠዋት በመስታወት የማይታየው ቅርፊት ቀን ላይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ክሬሙ ተቃራኒው ነው። የተሠራው በዘይትና በሰም ነው፤ ውሃ ካለውም ትንሽ ነው። ሙሉ በሙሉ አይደርቅም፣ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ጠባሳና ጥቁር ነጠብጣብ አሳምሮ ይሸፍናል። ለደረቅ ቆዳ ምቹ ነው። ወዛም ቆዳ ላይ ግን ዘይት በዘይት ላይ ይሆንና ይንሸራተታል፤ የሚስቅ ፊት ላይ ደግሞ መስመር ውስጥ ይገባል። ብጉር የሚያስቸግራትም ሴት በየቀኑ ባትቀባው ይሻላታል። በእንጨት መልክ የሚሸጠው ስቲክም ብዙውን ጊዜ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ፈሳሹ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ አንድ ዓይነት አይደለምና። አንዳንዱ ውሃና ዘይት ነው፣ አንዳንዱ ውሃና ሲሊኮን። ስንቀባው የሚተነው ክፍል ይተንና ቀለሙ በስስ ሽፋን ቆዳው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለደረቅም ለወዛምም ፈሳሽ አለ። ጠርሙሱን ገልብጦ ጀርባውን ማንበብ ነው። ዝርዝሩ ብዙ ካለው ወደ ትንሽ ካለው ስለሚሄድ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ስሞች ማየት ይበቃል። እዚያ ውስጥ የዘይት ስሞችና ግሊሰሪን ካሉ ወደ ደረቁ ያደላል። ሲሊካ ወይም ካኦሊን የተባለው ሸክላ ካለ ወደ ወዛሙ። ስማቸው በ«ኮን» ወይም በ«ሲሎክሴን» የሚያልቁት ሲሊኮኖች ናቸው፤ እነሱ ብቻቸውን ብዙ አይነግሩም፣ ሁለቱም ዓይነት ውስጥ ይገባሉ።

ከመቀባት በፊት ጠርሙሱን መነቅነቅ ደግሞ አይረሳ። ቀለሙ ከታች ይዘቅጣል፤ ሳይነቀነቅ ከተቀዳ ዛሬ የሳሳ፣ ከወር በኋላ የወፈረ ይሆናል።

ማትን ከመሸፈን አቅም ጋር ማምታታት

«ማት ስጪኝ፣ በደንብ እንዲሸፍን» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ማት ማለት አያበራም ማለት ነው እንጂ ይሸፍናል ማለት አይደለም። ሳስቶ የሚቀባ ማት አለ፣ ወዝ ያለው ሆኖ ሁሉን የሚሸፍን ክሬም አለ። መሸፈኑ ሌላ ጥያቄ፣ ገጽታው ሌላ።

ገጽታውን በሦስት ማየት ይቻላል። ማት ብርሃን አይመልስም፣ ፊቱን ድፍን ያደርገዋል። ዲዊ የሚባለው ገና ሎሽን የተቀባ የመሰለ እርጥብ ወዝ ይሰጣል። ሳቲን ወይም ናቹራል የሚባለው መሃል ላይ ነው።

ደረቅ ቆዳ የራሱ ወዝ የለውም። ማት ሲጨመርበት ፊቱ ሕይወት ያጣል፣ ሽብሽቡም ይጎላል። ስለዚህ ዲዊ ወይም ሳቲን ነው የሚያምርበት። ወዛም ቆዳ ደግሞ ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ የራሱን ወዝ ማምጣቱ አይቀርም። ዲዊ የተቀባ እንደሆነ ጠዋት ያማረው ከሰዓት ዘይት ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ከብዙ ሰው አልስማማም። ወዛም ቆዳ ሁሉ ደርቅ ያለ ማት ያስፈልገዋል ይባላል። እኔ ሳቲን በስሱ ቀብቼ ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ብቻ ፓውደር መጫኑን እመርጣለሁ። ጉንጩ ፊት ይመስላል፣ ወዝ የሚያመጣውም ቦታ ይያዛል።

ወዛም ነው ብሎ ቅባት መተው፣ ደረቅ ነው ብሎ ቫዝሊን መለጠፍ

ወዛም ቆዳም ውሃ ያጥረዋል። ከላይ እያበራ ከውስጥ የሚወጥር ፊት ያላቸው ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቆዳ ላይ ያለ ምንም ቅባት ማት ሲቀባ ቦታ ቦታ ላይ ይጎረብጣል። ዘይት የሌለው ቀለል ያለ ጄል ወይም ሎሽን ይበቃዋል።

ደረቅ ቆዳ ያላቸው ደግሞ የሚወዱት ቫዝሊን ነው። ቫዝሊን ማታ ሲተኙ ጥሩ ነው። ከፋውንዴሽን ሥር ግን ቆዳው ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ የሚቀባውን ሁሉ ያንሸራትታል። ጠዋት የፊት ክሬም ተቀብቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ ገና ነው። ሳይደርቅ የተቸኮለበት ፊት ላይ ፋውንዴሽኑ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይነሳል።

በወዝ ላይ ፓውደር መደራረብ

ከሰዓት አፍንጫችን ሲያበራ ቦርሳ ውስጥ ያለውን ፓውደር እናወጣለን። ዘይቱ ሳይነሳ ፓውደር ሲጨመር ሁለቱ ተቦክተው ሊጥ ይሆናሉ። ማታ ላይ ደግሞ ንጣፉ ይላጣል። መጀመሪያ ሶፍት አንድ ሽፋን ገንጥሎ፣ ሳያሹ፣ ጫን አድርጎ ዘይቱን ማንሳት ነው። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ፓውደሩ ራሱ አያስፈልግም።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ነጭ ፓውደር ከበዛ በካሜራ ፍላሽ ፊቱ አመድ የተነፋበት መስሎ ይወጣል። ለሠርግ ከሆነ ቤት ውስጥ በስልክ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንስቶ ማየት ነው።

ሱቅ ውስጥ ተቀብቶ ወዲያው መክፈል

ቀለም እጅ ላይ አይሞከርም፤ እጅና ፊት አንድ ቀለም አይደሉም። መንጋጋ ላይ መስመር አድርጎ፣ ወደ አንገት ወረድ ማድረግ ነው። ከዚያ ከሱቁ መብራት መውጣትና አንድ ሃያ ደቂቃ መዞር። ብዙ ፋውንዴሽን ሲደርቅና ከፊት ዘይት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል ወይም ወደ ብርቱካን ይሄዳል፤ ወዛም ቆዳ ላይ ይብሳል። ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፣ ያኔ ክፈሉ።

የአክስቴን ልጆች በማግሥቱ ለመልስ ደግሜ አስቀመጥኳቸው። ታላቅየዋን ፊቷን በለብ ያለ ውሃና በስስ ጨርቅ ቀስ ብዬ ጠርጌ፣ ክሬም ቀብቼ፣ ሻይ እስክትጠጣ ጠበቅኳት። ከዚያ የባቄላ ፍሬ የምታህል ክሬም ፋውንዴሽን እጄ ጀርባ ላይ አሙቄ፣ በረጠበና በተጨመቀ ስፖንጅ እየመታሁ አዳረስኩት። ፓውደር ዓይኗ ሥር ብቻ፣ እሱም ለስሙ።

ታናሽየዋ ያው የትናንቱ ጠርሙስ ደረሳት። ግን በትናንቱ ግማሽ። በጄል ላይ በስሱ ቀባሁት፣ ግንባሯና አፍንጫዋ ላይ ፓውደሩን በስፖንጅ ጫን ጫን አደረግኩት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ሶፍት ከተትኩላት።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ታላቅየዋ ጉንጯን በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች መጣች። «አልተላጠም» አለችኝ። ታናሽየዋ ከኋላ ሆና፣ «ጠርሙሱ እንግዲህ የኔ ነው» አለች።