ያገለገለ የቡና ማሽን ልትገዙ ከሆነ

ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ ያገለገለ የቡና ማሽን ለካፌያችሁ ልታዩ ስትሄዱ፣ ከዚህ በላይ አልገዛም የምትሉትን ዋጋ ቤት ጽፋችሁ ውጡ፣ እዛ ቆማችሁ ካሰባችሁት ሻጩ ነው የሚያስብላችሁ።

እኔ እንዲህ ነው የሰራሁት። በደንብ የሚሰራ ተመሳሳይ ባለሁለት ግሩፕ ማሽን 250 ሺህ ይሸጥ ነበር፣ ከዛ ላይ ቴክኒሻኑ ለፓምፕና ለጎሚኒ የገመተውን 40፣ ለመኪናና ለገጠማ 10፣ ለደላላ 5፣ ላልታየ ብልሽት 15 ስቀንስ 180 ቀረኝ፣ በቃ ጣሪያዬ እሱ ነው።

ደግሞ ቀድማችሁ ደውሉና ማሽኑን እንዳያበሩት ንገሯቸው። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሲሞቅ የሚያፈሰውን አታዩም። ቡና ሲቀዳ የፓምፑ ጌጅ 9 ባር አካባቢ ካልደረሰ ወይ ከዘለለ ቴክኒሻኑ እዛው የማሰሪያውን ዋጋ ይንገራችሁ፣ እሱም ከጣሪያው ይቀነሳል።

ሻጩ 240 አለኝ፣ እኔ 140 ብዬ ጀመርኩ፣ ከዛ 160፣ 170፣ 175፣ ጭማሪው እያነሰ ሲሄድ ሰውየው መጨረሻዬ ጋ እንደደረስኩ ይገባዋል። "ሌላ ሰው ካሽ ይዞ እየመጣ ነው" ሲለኝ "ይምጣ ወንድሜ፣ ካልተስማማችሁ ደውልልኝ" ብዬ ስልኬን ትቼ ወጣሁ። በሶስተኛው ቀን ደወለ፣ 185 ብሎ ድርቅ አለ። የተስማማሁት ማጓጓዣና ገጠማውን እሱ ሲችል ነው፣ ምክንያቱም ያ 10 ሺህ ከሂሳቤ ስለወጣ ጣሪያዬ 190 ሆኗል። ያለዚያ ግን አምስት ሺህም አልጨምርም ነበር።