ኬሚስትሪ ሳይገባችሁ 12ኛ ክፍል ለደረሳችሁ

መንዝም ሆነ መርሐቤቴ፣ ላብራቶሪው ተቆልፎ በሚውልበት ትምህርት ቤት ተምራችሁ ሕክምና ለመግባት የምታስቡ ልጆች፣ የድሮ ፈተናዎችን መልስ አትሸምድዱ። የተሳሳታችሁት የቱ እርምጃ ላይ እንደሆነ ፈልጉ።

ለምሳሌ 2 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ 250 ሚሊ ሊትር ሶሉሽን ቢወጣው ሞላሪቲው ስንት ነው? ያለ ካልኩሌተር ሥሩት። የአንድ ሞል ክብደቱ 23 + 16 + 1፣ ማለትም 40 ግራም ነው። 2 ለ40 ሲካፈል 0.05 ሞል ይሆናል። 250 ሚሊ ሊትር 0.25 ሊትር ስለሆነ፣ 0.05 ለ0.25 ሲካፈል 0.2 ሞላር ይመጣል።

0.0002 ካገኛችሁ ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር አልቀየራችሁም። ይሄ ቀላል ነው፣ በአንድ ማታ ይስተካከላል። 8 ካገኛችሁ ግን ግራሙን በቀጥታ ለሊትር አካፍላችኋል፤ ሞል ራሱ አልገባችሁም ማለት ነው። ያኔ የ12ኛን መጽሐፍ አስቀምጡና ሞል መጀመሪያ የተነሳበትን የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ አውጡ። ምሳሌዎቹን መልሱን በወረቀት ሸፍናችሁ ሥሩ። የአሲድና ቤዝ፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሮሊሲስ ስሌት ሁሉ ሞል ላይ ስለሚቆም ለዚህ ጊዜ አትሰስቱ።

በማግስቱ ቁጥሩን ወደ 4 ግራምና 200 ሚሊ ሊትር ቀይራችሁ ድገሙት። ደብተር ሳታዩ 0.5 ካመጣችሁ ወደሚቀጥለው ርዕስ እለፉ።