ኢሜሉን ከመላኬ በፊት

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ ለሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት ነው የምሠራው። ባለፈው ወር ለአንዲት ገዢ የዋጋ ማቅረቢያ ላክሁ። ኢሜሉ ላይ ጠቅላላ ዋጋው 113,700 ብር፣ አባሪው ላይ ግን 117,300 ብር ይላል። ይባስ ብሎ ሴትዮዋን «አቶ» ብያቸዋለሁ። በጣም ደነገጥኩ።

ቁጥሩን እንደገና ሠራሁት። 120 ብርድ ልብስ በ850 ብር 102,000 ይመጣል። የ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15,300 ነው፤ ድምሩ 117,300። ልዩነቱ 3,600 ነው፣ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ሁለት አሃዞች ቦታ መቀያየራቸውን ነው። እውነትም 7 እና 3 ተገለባብጠው ነበር። ሌላ ስህተትም ለ9 ሊካፈል ይችላል፤ ቢሆንም የት እንደምፈልግ ይጠቁመኛል።

አሁን ቁጥር በእጄ አልጽፍም፤ ከአባሪው ገልብጬ እለጥፋለሁ። አባሪውንም ካያያዝኩ በኋላ እዚያው ኢሜሉ ላይ ከፍቼ አየዋለሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ብቻ ካየሁ የድሮው ረቂቅ ተያይዞ እንደሆነ አላውቅም።

ስም የምወስደው ሰውየው ራሳቸው ከጻፉት ፊርማ ነው። ማዕረግ የሚከተለው የራስን ስም እንጂ የአባትን አይደለም። ስሙ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ከሆነ ደውዬ እጠይቃለሁ። የተቀባዩን አድራሻ የምሞላው ሁሉንም አይቼ ስጨርስ ነው፤ ያለ አድራሻ ኢሜሉ አይሄድም።

ለደንበኛዋ በዚያው ቀን ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የተስተካከለውንም ላክሁላቸው።