የተዘበራረቀ ሐሳብን ቅልብጭ ወዳለ ኢሜይል እንዴት መቀየር ይቻላል

አንድ ጊዜ ለኃላፊዬ ሦስት ጉዳይ የያዘ ረጅም ኢሜይል ጻፍኩ። በሥራ ዕቅዱ ላይ አስተያየት፣ የበጀት ማጽደቅ ጥያቄ እና የስብሰባ ሰዓት ለውጥ ነበሩበት። በነጋታው መልስ መጣ፦ «ይመቸኛል፣ 9 ሰዓት ይሁን።» በቃ። የተመለሰው ቀላሉ ጥያቄ ብቻ ነው። በጀቱ ሳይጸድቅ ቀኑ አለፈና ሥራው ሁለት ሳምንት ቆመ። በኋላ ስጠይቃቸው «ስለ በጀት ጽፈህልኛል እንዴ?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው ጥያቄዬ አራተኛው አንቀጽ መሃል ላይ ተቀብሯል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ሌላ ቦታ ዘርግፉት

ኢሜይሉ ውስጥ ማሰብ አትጀምሩ። ወረቀት ላይ ወይም ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ፣ በአንድ መስመር አንድ ሐሳብ እያደረጋችሁ፣ እንደመጣላችሁ ጻፉ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ድምፅ መቅዳትም ሞክሬ ነበር፤ መልሶ ማዳመጡ ጊዜ ስለሚፈጅ አልወደድኩትም። ወረቀት ይሻለኛል፤ ሁሉም በአንድ እይታ ይታያል።

ምሳሌ እንውሰድ። የሽያጭ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሰው ነው፤ ቀኑ ደርሶበታል። ወረቀቱ ላይ ይህ ወጣ፦

- የሁለት ቅርንጫፎች ቁጥር አልደረሰኝም
- ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፣ ሰኞ እንልካለን ብለዋል
- ሪፖርቱ የሚገባው ዓርብ ነው
- አዲሱ ቅጽ ያምታታል፣ ሰንጠረዥ 4 ላይ ምን እንደሚሞላ ግልጽ አይደለም
- ባለፈውም እንዲሁ ሆኖ የተወቀስኩት እኔ ነኝ
- ያለ እነሱ ቁጥር ባስገባ ድምሩ ይሳሳታል
- ለሚቀጥለው ወር ዕረፍት መጠየቅ አለብኝ
- የሌሎቹ ስድስት ቅርንጫፎች አልቋል
- እስከ ረቡዕ ብቆይ ሙሉውን አስገባለሁ

2. ግሱን ፈልጉ

ከባዱ ይህ ነው። እኔ ራሴ ዛሬም ብዙ ጊዜ የማጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከወረቀቱ ግርጌ ይህን ዐረፍተ ነገር ጻፉና ክፍቱን ሙሉ፦ «ይህን አንብበው ሲጨርሱ ______ እፈልጋለሁ።»

መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው አይደለም። የኛ ሰው መጀመሪያ «የገጠመኝን ችግር እንዲረዱልኝ» ብሎ ይሞላል። ኃላፊው ይህን አንብበው ምን ያደርጋሉ? «ተረድቻለሁ» ይላሉ፤ ሪፖርቱ ግን አሁንም ዓርብ ነው። «እንዲያውቁልኝ»፣ «እንዲረዱልኝ»፣ «እንዲያዩልኝ» የሚሉ ግሶች ሲመጡ ጠርጥሩ። ከኋላቸው ሌላ፣ ለመናገር የከበደን ጥያቄ አለ።

ሁለተኛው ሙከራ «መፍትሔ እንዲሰጡኝ» ይሆናል። ይህም ገና ነው። ማሰቡን ለተቀባዩ አሸክሟል፤ ሥራ የበዛበት ሰው እንዲህ ያለውን ኢሜይል «በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ያልፈዋል።

ሦስተኛው፦ «የሪፖርቱን ቀን ከዓርብ ወደ ረቡዕ እንዲያዛውሩልኝ።» አገኘነው። በምን አወቅን? አንድ ሰው በራሱ ሊያደርገው ይችላል። ቀን አለው። በአንድ መስመር «እሺ» ወይም «አይሆንም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንደገና ሞክሩ።

ክፍቱ ውስጥ ሁለት ግስ ከገባስ? «ቀኑን እንዲያዛውሩልኝና ዕረፍት እንዲፈቅዱልኝ» ከሆነ ሁለት ኢሜይል ነው። «እግረ መንገዴን» ብላችሁ የምትጨምሩት ነገር ነው ዋናውን የሚያስረሳው፤ እኔን በጀት ያሳጣኝ እሱ ነው። አማራጭ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። «ይህ ካልሆነ ያኛው ይሁን» ማለት አሁንም አንድ ጉዳይ ነው።

3. አበጥሩት

በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ባይጻፍ የተቀባዩ ውሳኔ ይለወጣል? ከዘጠኙ መስመሮች ስድስቱ ኢሜይሉ ውስጥ ይገባሉ። ቅጹና ዕረፍቱ ወደየራሳቸው ኢሜይል ይሄዳሉ።

የቀረው «የተወቀስኩት እኔ ነኝ» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ያማልም። ነገር ግን ቀን ለማዛወር አይረዳም፤ እንዲያውም አንባቢው ጥያቄውን ትቶ ለወቀሳው መልስ መስጠት ይጀምራል። ይውጣ። ቅሬታው መነሳት ያለበት ከሆነ በአካል ቢነሳ ይሻላል።

4. ጥያቄውን አስቀድሙ

በአማርኛ ግሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ «ስለሆነ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህም የተነሳ» እያልን ምክንያት በምክንያት ላይ ስንደርብ አንባቢው ምን እንደተጠየቀ የሚያውቀው ከስንት መስመር በኋላ ነው። መፍትሔው ጥያቄውን ለብቻው፣ አጭር ዐረፍተ ነገር አድርጎ ከሰላምታው ቀጥሎ ማስቀመጥ ነው። ምክንያቱ በራሱ ዐረፍተ ነገር ይከተላል። «ድፍረት ይመስላል» ብላችሁ አትስጉ፤ አክብሮቱ በአንቱታው ውስጥ አለ።

ዘጠኙ መስመሮች እንዲህ ሆኑ፦

> ርዕስ፦ የሽያጭ ሪፖርት ወደ ረቡዕ 14 እንዲዛወር (መልስ እስከ ሐሙስ 8)
>
> ጤና ይስጥልኝ፣
>
> የሽያጭ ሪፖርቱን ማስገቢያ ቀን ከዓርብ 9 ወደ ረቡዕ 14 እንዲያዛውሩልኝ እጠይቃለሁ።
>
> ምክንያቱ የሁለት ቅርንጫፎች ቁጥር አለመድረሱ ነው። ሁለት ጊዜ ደውያለሁ፤ ሰኞ 12 እንደሚልኩ ነግረውኛል። የስድስቱ ቅርንጫፎች አልቋል። ያለ ሁለቱ ካስገባሁት ግን ጠቅላላ ድምሩ ይሳሳታል።
>
> ቀኑ የማይዛወር ከሆነ የስድስቱን ዓርብ አስገብቼ የቀረውን ረቡዕ እጨምራለሁ። የትኛው እንደሚሻል እስከ ሐሙስ 8 እኩለ ቀን ቢያሳውቁኝ።
>
> አመሰግናለሁ።

ከቀኖቹ ስም ጎን ቁጥሩን የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ረቡዕ» ብቻ ካላችሁ አንዱ ይህን ረቡዕ፣ ሌላው የሚመጣውን ይረዳል።

5. ርዕሱንና ተቀባዩን መጨረሻ ላይ ሙሉ

ተቀባዩን ቀድማችሁ ከሞላችሁ በስህተት ግማሹን ልትልኩት ትችላላችሁ። ርዕሱ የጥያቄው ዐረፍተ ነገር አጭሩ ነው፤ «ስለ ሪፖርቱ» ብቻ ምንም አይነግርም። ርዕሱን መጻፍ ካቃታችሁ ግሱ ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ ወደ 2ኛው ተመለሱ።

ግልባጭ ላይ ቆጥቡ። እዚህ ሁለቱን ቅርንጫፎች ግልባጭ ብታደርጓቸው ጥያቄው ወዲያው ክስ ይሆናል፤ ማስተባበያቸው ከኃላፊው መልስ ቀድሞ ይደርሳል።

ከመላካችሁ በፊት ረቂቁን በስልክ ክፈቱት። ጣታችሁ ስክሪኑን ሳያንቀሳቅስ ጥያቄው መታየት አለበት። ካልታየ ከላይ ያለውን ቁረጡ።

የተረፉት ሁለት መስመሮች ገና ወረቀቱ ላይ ናቸው። የሰንጠረዥ 4 ጥያቄ ቅጹን ላዘጋጀው ክፍል ይሂድ፤ ኃላፊው ሊመልሱት የሚችሉት አይደለም። የዕረፍቱ ደግሞ ስለ ሪፖርቱ መልስ ከመጣ በኋላ፣ በአዲስ ኢሜይልና በራሱ ርዕስ ይላክ።